«ዞሬ ልምጣ» ሳይሉ ቅናሽን መመለስ

መርካቶ ዕቃ የጠየቀ ሰው «ዞሬ ልምጣ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ይከራከራል፣ ሻጩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ገዢው የተቀነሰለት አልበቃ ሲለው ፊት ለፊት እምቢ ማለቱ ይከብደውና «እሺ፣ ዞሬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። ሻጩም አይጠብቀውም። ሸሚዙን አጣጥፎ ወደ መደርደሪያው ይመልስና ለሚቀጥለው ሰው ዋጋ መጥራት ይጀምራል።

ለሸሚዝ ይህ ምንም አይጎዳም። ቀጣዩ ሱቅ አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ ያው ሸሚዝ እዚያም አለ። ነገሩ የሚለወጠው የሚገዛው ዕቃ ትልቅ ሲሆንና ሻጩ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆን ነው። ጄኔሬተር፣ የማተሚያ ማሽን፣ የሕክምና መሣሪያ የሚገዛ ድርጅት በፕሮፎርማ ይደራደራል። ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል፤ ሻጩም የጠየቀውን ሳይሆን ከዚያ ያነሰ ቅናሽ ይዞ ይመለሳል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ቅናሹ እንደማይበቃ ያውቃል፣ ግን እንዴት እንደሚመልሰው አያውቅም። ወይ «እናስብበታለን» ብሎ ይጠፋል፣ ወይ «በዚህ ዋጋ አንፈልግም» ብሎ ይቆርጠዋል። ሁለቱም ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ እንዴት እንደሚያስከፍሉ በአንድ ግዢ ላይ ቢታይ ይቀላል።

ሐዋሳ ውስጥ ባለ ሃያ ክፍል ሆቴል ያላት አንዲት ሴት ጄኔሬተር ልትገዛ ነው እንበል። ታሪኩ ለማስረዳት የተሠራ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ ተመርጠዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ የላከላት ፕሮፎርማ ማሽኑን ከአውቶማቲክ መቀየሪያው ጋር፣ ከቫት በፊት፣ በ2,000,000 ብር ያቀርባል። ሙሉ ክፍያ ከትዕዛዙ ጋር ይፈጸማል፣ ርክክቡ አዲስ አበባ መጋዘን ላይ ነው፣ ዋጋው ለአሥር ቀን ይጸናል። እርሷ 1,800,000 ብር እንዲያደርጉላት ጠየቀች። የሽያጭ ሠራተኛው በማግሥቱ ደወለ። «ለእርስዎ ስንል 3 በመቶ ቀንሰናል፤ 1,940,000 ብር። ቁርጡ ይሄ ነው» አላት።

ባለሆቴሏ ይህን ቅናሽ ልትመልስ ትፈልጋለች። ከመመለሷ በፊት ግን ልታየው የሚገባ አንድ ስሌት አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው እርሱ ነው።

ሁለተኛ ፕሮፎርማ እጇ ላይ አለ። ሌላ አስመጪ ተመሳሳይ ማሽን በ1,880,000 ብር እሸጣለሁ ብሏል። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለተኛው በ60,000 ብር ይረክሳል፤ «እምቢ በይው፣ እዚያ ሂጂ» የሚል ይመስላል። ነገር ግን የሁለተኛው ሻጭ ማሽን ገና መንገድ ላይ ነው፤ የሚደርሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አውቶማቲክ መቀየሪያውም ለብቻው 40,000 ብር ይከፈልበታል። እስከዚያ ድረስ የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ የሚሸከም ማሽን በቀን 1,000 ብር መከራየት አለባት፤ በ42 ቀን 42,000 ብር። ሲደመር የሁለተኛው ሻጭ እውነተኛ ዋጋ 1,962,000 ብር ሆነ።

እንግዲህ ባለሆቴሏ «አይበቃም» ብላ ልትመልሰው ያሰበችው 1,940,000 ብር ካላት አማራጭ በ22,000 ብር የተሻለ ነው። ተናዳ ብትቆርጠው ወይም ተሸማቃ ብትጠፋ የምትወድቀው ወደ ባሰ ዋጋ ነው።

ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የድርድር መጽሐፍ ለዚህ ነገር ስም ሰጥተውታል፤ ስምምነት ባይደረስ በእጅ የሚቀረው የተሻለው አማራጭ ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የቀረበው ዋጋ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለካው ገዢው በልቡ ከተመኘው ዋጋ ጋር ሳይሆን ድርድሩ ቢፈርስ ከሚገጥመው ጋር ነው። ባለሆቴሏ የተመኘችው 1,800,000 ነበር፤ የሚገጥማት ግን 1,962,000 ነው። ስለዚህ የምትፈልገው እምቢታ ሁለት ሥራ የሚሠራ ነው። ሻጩ ተጨማሪ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ የተሰጠውን 1,940,000 ግን ከጠረጴዛው ላይ አያነሳውም።

ይህ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሕግም አለበት።

በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሬንች የተባለ ሰው እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ሊሸጥ ሃይድ ለተባለ ገዢ ሐሳብ አቀረበ። ሃይድ «950 እሰጣለሁ» ሲል መለሰ። ሬንች ነገሩን ለቀናት ካሰበበት በኋላ 950ውን እንደማይቀበል አስታወቀ። ይህን ጊዜ ሃይድ «እሺ፣ በ1,000ው ወስጃለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ሬንች ግን አልሸጥም አለ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ለሬንች ፈረዱ። ሃይድ 950 ብሎ የራሱን ዋጋ ባቀረበበት ቅጽበት የ1,000ውን ሐሳብ ገድሎታል፤ የሞተውን ሐሳብ በኋላ ተመልሶ ሊቀበለው አይችልም ተባለ።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ክርክር ቀረበ። ማክሊን የተባለ ነጋዴ ብረት በቶን በ40 ሺሊንግ፣ በእጅ በእጅ ክፍያ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ለመሸጥ ሐሳብ አቅርቧል። ገዢዎቹ ሰኞ ጠዋት ቴሌግራም ላኩ፤ በ40ው ዋጋ ርክክቡ በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ይቀበል እንደሆነ፣ ካልሆነም ሊሰጥ የሚችለውን ረጅሙን ጊዜ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ማክሊን መልስ ሳይሰጥ ብረቱን ለሌላ ሰው ሸጠ። ገዢዎቹ መሸጡን ሳይሰሙ በዚያው ሰኞ በመጀመሪያው ዋጋ ተቀብለናል አሉ። በዚህኛው ክርክር የተረታው ሻጩ ነው። የገዢዎቹ ቴሌግራም ጥያቄ እንጂ እምቢታ ስላልነበረ የመጀመሪያው ሐሳብ በሕይወት ነበር ተባለ።

በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓረፍተ ነገር ቅርጽ ነው። አንዱ «950 እሰጣለሁ» አለ፤ ሌሎቹ «እንዲህ ቢሆን ይሆናል?» አሉ።

የኢትዮጵያ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1694 ላይ፣ ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል የማይገጥም ወይም ቅድመ ሁኔታ የተጨመረበት መቀበል፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል ይላል። አንቀጽ 1690 ደግሞ ሐሳብ አቅራቢው ቀን ከቆረጠ እስከዚያ ቀን በሐሳቡ ይታሰራል፤ ተቀባዩ ከቀኑ በፊት እንደማይቀበል ካስታወቀው ግን ነፃ ይሆናል ይላል። ለአንድ ደንበኛ ስም ተጽፎ፣ ዕቃውንና ዋጋውን ለይቶ፣ «ለአሥር ቀን ይጸናል» የሚል ፕሮፎርማ ለባለሆቴሏ ዋስትና ሊሆናት ይችላል። ሦስተኛው ቀን ላይ «አልቀበልም» ብትል ዋስትናውን በራሷ አፍ ትለቀዋለች። በርግጥ ብዙ ፕሮፎርማዎች ከግርጌያቸው «ዋጋው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር አላቸው። ያ መስመር ካለ የጊዜ ገደቡ ዋስትና ይላላል፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ግርጌውን ማንበብ ይሻላል።

ይህ ነገር የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለወጠ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ዛሬ የሰጠውን ዋጋ ነገ ሊጸጸትበት ይችላል። እምቢ የተባለበትን ዋጋ አንስቶ አዲስ ለመጻፍ ምክንያት አያጣም፤ ያን ምክንያት ደግሞ ገዢው ራሱ ባያቀብለው ይመረጣል።

ከሽያጭ ሠራተኛው ወገን ነገሩ ምን እንደሚመስል ማየትም ይጠቅማል። በብዙ ድርጅት ውስጥ ደንበኛ የሚያነጋግረው ሠራተኛ በራሱ ሥልጣን ሊቀንስ የሚችለው ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ የሽያጭ ኃላፊውን ወይም ሥራ አስኪያጁን ማስፈቀድ አለበት። ባለሆቴሏ የሰማችው «ቁርጥ ዋጋ» የድርጅቱ ቁርጥ ሳይሆን የሠራተኛው ቁርጥ ሊሆን ይችላል። ከፍ ወዳለው ቢሮ ሲገባ ኃላፊው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሴትዮዋ እውነት ትገዛለች ወይስ ዋጋ ለማወዳደር ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎም «ብንቀንስላት ምን እናገኛለን?» ይላል። «ውድ ነው ብላለች» የሚል መልስ ብቻ ይዞ የገባ ሠራተኛ ባዶ እጁን ይወጣል።

ስለዚህ ጥሩ እምቢታ ሠራተኛው ተሸክሞ ወደ ላይ ሊወስደው የሚችል መሆን አለበት። በስልክ ከተነገረ በኋላ በጽሑፍ ቢደገም የተሻለ ነው፤ ሠራተኛው በቃሉ ሲያስተላልፈው ይጎድልበታልና። ባለሆቴሏ የምትልከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ለሰጣችሁን ቅናሽ እናመሰግናለን። ማሽኑ የምንፈልገው ዓይነት መሆኑን አረጋግጠናል፤ በኃይሉም ሆነ በጥራቱ ላይ ጥያቄ የለንም። ሆኖም መጓጓዣውና ተከላው በእኛ ላይ ሲሆን ጠቅላላ ወጪው ካሰብነው ከ2 ሚሊዮን ብር ስለሚያልፍ፣ በ1,940,000 ብር ዛሬ ለማዘዝ ይቸግረናል። ከሚከተሉት በአንዱ ልታግዙን ትችሉ እንደሆነ እንጠይቃለን። ዋጋው 1,860,000 ብር ሆኖ የቀረው ሁሉ ባለበት ቢቆይ ይቻላል? ወይም ዋጋው ባለበት ሆኖ ሐዋሳ ድረስ ማድረሱንና ተከላውን እናንተ ብትይዙት? በአንዱ ከተስማማን ሙሉውን ክፍያ በሁለት ቀን ውስጥ በባንክ እናስተላልፋለን። ይህ ጥያቄ ነው፤ የሰጣችሁንን ዋጋ አልመለስነውም፣ በፕሮፎርማው ላይ እስከ ተጻፈው ቀን እንዲቆይልን እንፈልጋለን። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት እንደውላለን።»

ይህ መልእክት እምቢ ይላል፤ ግን እምቢ ያለው ምን እንደሆነ ለይቷል። ማሽኑን አልነካም፣ ሻጩን አልነካም፣ «ዋጋችሁ አይረባም» አላለም። የነካው ዋጋውን ከመጓጓዣና ከተከላ ጋር ባንድ ላይ ነው። ዩሪ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ስለ እምቢታ ብቻ በጻፈው መጽሐፉ ጥሩ እምቢታ በሁለት እሺታ መካከል ይቀመጣል ይላል። መጀመሪያ ተናጋሪው የሚፈልገውን ይገልጻል፣ ከዚያ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ሊሆን የሚችለውን ያቀርባል። የባለሆቴሏ መልእክትም ማሽኑን እንደምትፈልገው በመናገር ይጀምራል፤ በሁለት በሮችና በአንድ የስልክ ቀጠሮ ያበቃል።

የሰጠችው ምክንያት እውነት መሆኑም ልብ ይባል። መጓጓዣው 35,000 ብር፣ ተከላው 30,000 ብር ቢያስወጣት፣ 1,940,000 ላይ 65,000 ሲጨመር 2,005,000 ይሆናል። ሠራተኛው ይህን ስሌት ራሱ ደምሮ ሊያየው ይችላል። ስለ ሁለተኛው ፕሮፎርማ ግን አንድም ቃል አልጻፈችም፤ እንድትጽፍም አትገደድም። ጠቅሳው ቢሆን ሠራተኛው የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ያደርሱልዎታል?» ይሆን ነበር፤ ስድስት ሳምንት የሚለው መልስ ደግሞ እርሷን ነው የሚያዳክማት። የሌለ ፕሮፎርማ አለኝ ማለት ከዚህም የባሰ ነው። ጄኔሬተር አስመጪዎች ጥቂት ናቸው፤ የማን ማሽን በስንት እንደሚሸጥ ይተዋወቃሉ። ውሸቱ የተነቃበት ገዢ ቀጥሎ የሚናገረው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

ከሁለቱ ሐሳቦች በስተጀርባ ያለው ስሌት የመልእክቱ ዋና ጉልበት ነው። ለባለሆቴሏ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ዋጋው 1,860,000 ቢሆን የምታተርፈው 80,000 ነው፤ ዋጋው ባለበት ሆኖ መጓጓዣና ተከላ ቢያዝላት የምታተርፈው 65,000 ነው። ለሻጩ ግን እኩል አይደሉም። ዋጋ መቀነስ ከኪሱ በቀጥታ ይወጣል፤ ነገ ሌላ ደንበኛ ሰምቶ «ለእርሷ የሰጠኸውን ለእኔም» ሊለው ይችላል። ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መኪና ካለው ግን አንድ ጄኔሬተር መጫን ብዙም አይጎዳውም፤ ቴክኒሻኖቹም የወር ደሞዝተኞች ናቸው። ለእርሷ 65,000 ብር የሚያወጣ ነገር እርሱን ምናልባት ግማሹን ብቻ ያስወጣዋል። ሁለት በር የከፈተ እምቢታ የሻጩን ሚስጥር ያወጣል፤ ሻጩ በመረጠው በር ምን እንደሚከብደውና ምን እንደሚቀለው ይናገራል።

መልስ ሲመጣ ድርድሩን የሚያበላሹ ሁለት ግብዣዎች አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «መሀል እንግባ» የሚለው ነው። ሠራተኛው «እርስዎ 1,860,000 ብለዋል፣ እኛ 1,940,000 ብለናል፤ 1,900,000 እናድርገውና እንጨርስ» ይላል። ለጆሮ ፍትሐዊ ነው፣ የሀገሩም ወግ ነው፣ እምቢ ማለቱም ያሳፍራል። ግን መሀሉ የት እንደሚውል የሚወስነው ሁለቱ ጫፎች የቆሙበት ቦታ ነው፤ የጫፎቹ አንዱ ደግሞ ሻጩ የተከለው ነው። በዚህ ጉዳይ 1,900,000 ብር መጓጓዣና ተከላ ሲጨመርበት ለባለሆቴሏ 1,965,000 ይሆናል። ሁለተኛውን በሯን ተቀብሎ በ1,940,000 ሐዋሳ አድርሶ ቢተክልላት ከዚህ በ25,000 ብር ይሻላታል። ስለዚህ መልሷ እንዲህ ነው። «ወንድሜ፣ መቀራረባችን ደስ ብሎኛል። መሀል ከመግባታችን በፊት ግን መጓጓዣው በማን ላይ እንደሆነ ንገረኝ፤ እርሱን ሳላውቅ መሀሉ የት እንደሆነ አላውቅም።» ይህም እምቢታ ነው፣ ግን በጥያቄ መልክ የመጣ እምቢታ ነው።

ሁለተኛው ግብዣ ዝግ ባለ ድምፅ ይመጣል፤ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በ1,950,000 ሁሉን ጨርሰን እንሰጥዎታለን» የሚል። ከቫት ጋር 1,940,000 ብር 2,231,000 ስለሚሆን የ281,000 ብር ቅናሽ ይመስላል። ሕገወጥ መሆኑ ለብቻው ይበቃል፤ ስሌቱም ግን አይቆምም። ለቫት የተመዘገበ ሆቴል በ15 በመቶ የከፈለውን 291,000 ብር ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ቫት ላይ ያቀናንሰዋል፤ ለዚያ ግን ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ያለ ደረሰኝ 1,950,000 ብር የከፈለ፣ በደረሰኝ 1,940,000 ብር ብቻ ከሚወጣበት ሰው በ10,000 ብር ከስሯል። በዚያ ላይ ማሽኑን በወጪነት ማስያዝ አይችልም፤ ማሽኑ ቢበላሽ ዋስትና የሚጠይቅበት ወረቀትም የለውም። ይህን ግብዣ መመለስ ድርድሩን አይዘጋውም። «የሒሳብ ሠራተኛችን ያለ ደረሰኝ አይቀበልም፤ በደረሰኝ ያለውን እንጨርስ» ማለት ይበቃል፤ ሠራተኛውንም አያሳፍረውም።

መንግሥት በግልጽ ጨረታ በሚገዛበት ቦታ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እዚያ ተጫራቹ የሰጠውን ዋጋ ከፖስታው ውጭ መደራደር ክልክል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ለግል ድርጅትና ለግለሰብ ገዢ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ። ባለሆቴሏ ቀጠሮዋን አክብራ መደወሏ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ዞሬ ልምጣ» ብለው ከሚጠፉት የሚለያት ይህ ነው። ሠራተኛው ኃላፊውን አነጋግሯል። «1,925,000 እናደርገዋለን፣ ተከላውንም እንይዛለን፤ መጓጓዣው ግን በእርስዎ ይሁን» ይላታል። እዚህ ላይ አንድ ምልክት ማንበብ ይቻላል። መጀመሪያ የቀነሰው 60,000 ነበር፤ አሁን ከዋጋው ላይ የቀነሰው 15,000 ነው። የሻጩ እርምጃ ከቀን ወደ ቀን ሲያጥርና ከገንዘብ ይልቅ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር ወደ እውነተኛው ወለሉ እየቀረበ ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ዋጋውን መግፋት ትርፉ ትንሽ ነው፤ መጓጓዣውን መጠየቅ ግን ገና ይቻላል። «በ1,925,000ው ላይ አልከራከርም» ትለዋለች፤ «ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና ያላችሁ መቼ ነው? እርሱ እስኪመጣ አንድ ሳምንት መጠበቅ እችላለሁ።» ለእርሷ የአንድ ሳምንት ኪራይ 7,000 ብር ነው፤ መጓጓዣው 35,000። ለእርሱ መኪናው ለማንኛውም ይሄዳል።

እሺ ካለ፣ በወረቀት ላይ ከ1,940,000ው የቀነሰው 15,000 ብር ብቻ ነው። ባለሆቴሏ ግን ከተከላውና ከመጓጓዣው ጋር 80,000 አግኝታለች፤ የሳምንቱ ኪራይ ሲወጣለት 73,000 ይቀራታል። መጀመሪያ በአንደኛው በር የጠየቀችው 80,000 ነበር።

እሺ ባይልስ? ኃላፊው ሐሙስ ዕለት «አንድ ብር አንቀንስም» ቢልስ? ያኔ መልእክቷ ሌላ ሥራ ይሠራል። 1,940,000ውን አልመለሰችውም፤ ፕሮፎርማው ገና አልወደቀም፤ ከሁለተኛው ሻጭም በ22,000 ብር ይሻላል። «ጠይቄያችሁ ነበር፣ ስለሞከራችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ እንግዲያው በሰጣችሁኝ ዋጋ እናድርገው» ትላለች። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምታፍርበት ነገር የለም፣ ምክንያቱም «በዚህ ዋጋ በፍጹም አልገዛም» ብላ አታውቅም። ይሉኝታ ትልቅ ኃይል በሆነበት ገበያ ብዙ ሰው ጥሩ ዋጋ የሚያመልጠው ከፎከረበት ቦታ ለመመለስ ስለሚያፍር ነው።

በሁለቱም መንገድ ከክፍያው በፊት የሚቀር አንድ ሥራ አለ። በስልክ የተባለው ሁሉ አዲስ ፕሮፎርማ ላይ መውረድ አለበት፤ ዋጋው ከቫት በፊትና በኋላ፣ አውቶማቲክ መቀየሪያው፣ ተከላው ምን ምን እንደሚጨምር፣ መኪናው ሐዋሳ የሚደርስበት ቀን፣ ማሽኑ ከመኪናው ላይ ሲወርድ ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ። የቀደመው ፕሮፎርማ 2,000,000 ይላል፣ ርክክቡንም መጋዘን ላይ ያደርጋል፤ ገንዘቡ በእርሱ ላይ ከተላለፈ ሐሙስ ጠዋት የተገኘውን መጓጓዣ የሚያስታውሰው ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ብቻ ይሆናል።